ያልተረበሸ ጭቃ

የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች አምቦ ወዳለው ላብራቶሪያችን የመጡት በፒካፕ ጀርባ ተጋድመው፣ ከመለዋወጫ ጎማና ከድንች ከረጢት ጋር መንገዱን ሙሉ ሲላተሙ ውለው ነው። ሾፌሩ ድንቹን ቀስ አድርጎ አወረደ። ቱቦዎቹን ግን እንደ ፍልጥ እየወረወረ ሊያቀብለኝ ሲል ደሜ ፈላና ጮኽኩበት። «ምን ሆነሻል ኢንጂነር፣ ጭቃ አይደል እንዴ?» አለኝ። ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀኝ። ስናደድ አፌ ይተሳሰራል፤ የምለው ነገር የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

የምለው ይህን ነበር። አንድ መሬት ስንት እንደሚሸከምና ሕንፃ ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚሰምጥ ለማወቅ፣ አፈሩን ከነውሃው፣ ከነአደራደሩ፣ እርስ በርሱ እንደተያያዘ አውጥቶ መፈተን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ግድግዳው ስስ፣ አፉ እንደ ቢላ የተሳለ የብረት ቱቦ ለስላሳው አፈር ውስጥ ተገፍቶ የሚገባው። የወጣውን «ያልተረበሸ ናሙና» እንለዋለን። ስሙ ትንሽ ጉራ አለበት። አፈሩ ከመሬት ሲወጣ ከላዩ የነበረው ክብደት ስለሚነሳለት በዚያው ቅጽበት ጥቂት ይለወጣል፤ ጨርሶ ያልተረበሸ ናሙና የሚባል የለም። የእኛ ሥራ ከዚያ በላይ እንዳይለወጥ መጠበቅ ነው። ለስላሳ ሸክላ አፈር ስንትና ስንት ዘመን ፈጅቶ የተያያዘውን በመዶሻ ምትና በመንገድ ንዝረት ሊያጣው ይችላል። ሲያዩት ግን ያው ጥቁር ጭቃ ነው።

ቱቦዎቹ የመጡት ከጎጆ ከተማ አልፋ ካለች ትንሽ የደጋ ከተማ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ግቢ በአንድ በኩል ጨፌ ያዋስነዋል፤ ክረምት ከበጋ ውሃ የማይለየው የሣር ሜዳ ነው። ከዚያ ጨፌ ዳር የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ባለ ፎቅ የወሊድ ሕንፃ ሊሠራ ታስቦ ነበር። እስከዚያ ድረስ በምጥ የተያዘችና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት ሁሉ ወደ አምቦ ትላካለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጤነኛውንም ሰው አንጀቱን ያላውሰዋል።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ሁሉም ሰው «ሲስተር» የሚላት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሳቂታ ግን ምላሰ ስለታም ሴት ነበረች። የተዋወቅነው እናት ይዛ ወደ አምቦ ሆስፒታል በመጣች ቁጥር ወደ ላብራቶሪያችን ጎራ እያለች ስለ ሕንፃው ስለምትጠይቀኝ ነው።

«መሬታችን እንዴት አደረ?» ትለኛለች በሩ ላይ ቆማ።

«ገና ምርመራ ላይ ነው።»

«እንግዲህ በሰላም ይገላገል!» ትላለች፤ ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

እኔ ግን ቱቦዎቹን ከከፈትኩ በኋላ አብሬያት መሳቅ ከበደኝ። የአንዱ ቱቦ አፍ ተጎርዶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እርጥበት እንዳያመልጥ ጫፍና ጫፉ ላይ የፈሰሰው ሰም ተሰነጣጥቋል። አፈሩን ቱቦው ውስጥ በገባበት አቅጣጫ ገፍቼ አውጥቼ ለሁለት ስሰነጥቀው፣ መሐሉ ላይ አግድም የተኙት ቀጫጭን ድርብርቦች ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ወደ ታች ተጎትተዋል። ወደ ቆፋሪዎቹ ደወልኩ። የመግፊያ ማሽኑ አልንቀሳቀስ ስላለና ዝናብ እየመጣ ስለነበር ቱቦውን በመዶሻ እየመቱ እንዳስገቡት ነገሩኝ፤ አልደበቁም፣ ነውርም አልመሰላቸውም።

የጥንካሬው ፈተናም የሚያሳየው ያንኑ ነበር። ደህና ናሙና ሲጨመቅ ገና ብዙ ሳያጥር ሸክሙን ይይዝና ከአንድ ልክ በኋላ ቀጥ ብሎ ይሸነፋል። ይሄኛው እንደተጫኑት ሊጥ እየተንሰራፋ ሄደ፤ መቼ እንደተሸነፈ እንኳ ለመናገር ያስቸግር ነበር፣ የተገኘውም ጥንካሬ ዝቅተኛ ሆነ።

ሁለተኛው ፈተና የመታመቅ ነው። ቀለበት ውስጥ በተቀመጠ ስስ ቁራጭ ላይ በየቀኑ ክብደቱን እጥፍ እያደረግን ምን ያህል እንደሚሳሳ እንለካለን። ደህና ናሙና መጀመሪያ እምብዛም ፍንክች አይልም፤ ሊቋቋመው የሚችለው ክብደት ሲያልፍ ግን ውጤቱን ወረቀት ላይ የምናሰምርበት መስመር እንደ ክርን ይታጠፍና ቁልቁል ይወርዳል። የእኔ መስመር ክርን አልነበረውም። ከመጀመሪያው ክብደት አንስቶ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ዝም ብሎ ያዘቀዝቃል። መሬት ውስጥ ሳለ ከላዩ የነበረውን ክብደት ብቻ ስመልስለት እንኳ ብዙ ታመቀ። የተረበሸ መሆኑን ለማወቅ ለእኔ ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር።

የፕሮጀክቱ አማካሪ መሐንዲስ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው፣ ውጤቱን ይዞ አምቦ ቢሮው አስጠራኝ። በቁጥሮቹ መሠረት ስምጠቱ በልኩ ነው፤ መሬቱ ግን በጥንካሬ አይበቃም። ስለዚህ ሕንፃው ጠንካራ መሬት ወዳላት ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር የሚል ሐሳብ ይዟል።

«ናሙናው ተረብሿል» አልኩት። «በዚህ አይወሰንም።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን የተረበሸ ናሙና ደካማ መስሎ ነው የሚታየው። ደካማ ነው ብለን መነሳታችን ለጥንቃቄ ነው እንጂ ምን ይጎዳናል?»

«እናቶቹን ይጎዳል። ደግሞም ጥንካሬውን አሳንሶ ቢያሳይ ስምጠቱን ደግሞ አብዝቶ ነው የሚያሳየው ያለው ማን ነው? መስመሩ ተለስልሷል። ምን እንደደበቀ በምን እናውቃለን?»

የመጨረሻውን የተናገርኩት እውነት ስለሆነ ነው፤ ልቤ ያለው ግን እዚያ አልነበረም። ልቤ ያለው ጥንካሬው ላይ ነበር። ደህና ናሙና ካገኘሁ መሬቱ እንደሚሸከም እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሲስተርንም ያኔ ደስ አሰኛታለሁ ብዬ ነበር። አማካሪው ብዙ ካሰበ በኋላ ክረምቱ ሳይገባና እኔው ቆሜ የማስወጣው ከሆነ ብቻ ድጋሚ ቁፋሮ ፈቀደ።

ጨፌው ዳር የቆምኩት ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ደመናው ከጠዋቱ ጀምሮ ወርዷል። ዋናው ቆፋሪ ጎልማሳ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ከማሽኑ ጋር ስንጣላ ግማሽ ቀን ፈጅተን መግፊያውን አስተካከልነው፣ ማሽኑም እንዳይነሳ ወደ መሬት አሰርነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አፈር ወደ ላይ እንዳያብጥ ውሃ ሞላንበት፣ ታቹን ከፍርስራሽ አጸዳን። አዲሱን ቱቦ ሳናቋርጥ በአንድ ግፊት አስገባነው፤ ሞልቶ አፈሩን እንዳይጨምቀው ጫፉ ሳይደርስ አቆምን። ከዚያ ጭቃው ከብረቱ ጋር እስኪይዝ መጠበቅ አለ።

«ጋሼ፣ ገና ነው» አልኩት እጁን ወደ ማንሻው ሲሰድ።

«ኢንጂነር፣ ዝናቡም እንደኔ ይታዘዝሻል?»

«እሱን ተወው፣ አንተ ብቻ ታዘዝ።»

ሳቀና ጠበቀ። ቱቦውን ቀስ ብለን አዙረን ከሥሩ ቆርጠን ስናወጣው ሙሉ ነበር፣ አልተንጠባጠበም። ጫፎቹን በቀለጠ ሰም ደፈንኩ፣ ሰጋቱራ በሞላ ሳጥን ውስጥ መሬት ውስጥ እንደነበረው አቋቋም ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ሌሎቹም እንደዚያው ወጡ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን የረካሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሳጥኑን ወደ ፒካፑ ልናስጠጋ ስንል ሲስተር ነጭ ጋዋኗን ይዛ እየሮጠች መጣች። ምጥ የያዛት አንዲት ልጅ እግር ሴት አልገላገል ብላታለች፤ የፅንሱ የልብ ምት እየወረደ ነው፤ አምቡላንሱ ደግሞ ጋራዥ ገብቷል። መኪናውን ስጡኝ ብላ አልለመነችም፤ «ተነሱ» ብቻ አለች። ልክ ነበረች። ቱቦዎቹ በዚያ ፍጥነት በዚያ መንገድ ከሄዱ እንዳልተቆፈሩ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሳጥኑን እዚያው ልተወው ሆነ። የት እንደማስቀምጠው ስቃብዝ ሲስተር ወደ እናቶች ማቆያው ጠቆመችኝ፤ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት፣ ቀዝቀዝ ያለና ፀጥ ያለ ቤት ነው።

ሳጥኑን ማዕዘን ላይ አስቀምጬ፣ በፍራሾቹ ላይ ለተቀመጡት ሴቶች በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። አይጋደም፣ አይነቅነቅ፣ ፀሐይ አያግኘው፣ ከባድ ነገር አይደገፈው። ሴቶቹ ተያዩ።

«እኛንም እኮ ሲስተር ያለችን ይህንኑ ነው» አለች አንዷ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ስንወርድ እኔ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ። ከኋላ ሲስተር የሴትዮዋን ጭንቅላት በጭኗ ይዛ «ጀባዱ፣ ጀባዱ፣ አይዞሽ» ትላታለች። ሾፌሩ ሲፈጥን መኪናው ይነጥራል፣ ሴትዮዋ ትጮኻለች፤ ቀስ ሲል ደግሞ ሲስተር «ኧረ ንዳው!» ትላለች። በየጉድጓዱ ጥርሴን እየነከስኩ ነበር የተቀመጥኩት። ለጭቃ ስል ስንት ጊዜ ሰው ላይ እንደጮኽኩ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ፣ እንደገናም ለዚህ አልነበር እንዴ ብዬ ተናደድኩ። አምቦ ስንደርስ እናትየው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባችና ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ሲስተር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ፊቷን ታጠበች። «ያ ክፍል እኛ ጋ ቢኖር ኖሮ» አለች፤ አልጨረሰችውም። ያን ጊዜ መሬቱ እንዲሸከም ያለኝ ምኞት ሥራ መሆኑ ቀረና የራሴ ጉዳይ ሆነ፤ ይህ ለአንድ የላብራቶሪ ሰው መልካም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። እኔ አምቦ ሆኜ ስለ ሳጥኑ ስጨነቅ፣ ሲስተር በስልክ ወሬውን ታደርሰኛለች። ሴቶቹ ተራ ገብተው እየጠበቁት ነው። የወለደችው ስትሄድ ለአዲስ ገቢዋ «ያንን አትንኪ» ብላ አስረክባት ትወጣለች። ጣሪያው አንድ ቦታ ሲያፈስ ሳጥኑን አንስተው ከማንቀሳቀስ ይልቅ ላዩ ላይ ላስቲክ ዘርግተው ሌሊቱን ውሃውን በሳፋ ሲቀበሉ አድረዋል። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ሳየው ከተውኩት ማዕዘን ፈቀቅ አላለም፤ ሰሙም አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ወደ መኪናው ስናወጣው አንዷ ነፍሰ ጡር እስከ በሩ አብራን እየሄደች «ሱታ፣ ሱታ» ትለን ነበር፤ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። የጎማውን ነፋስ ቀነስን፣ ሳጥኑን ፍራሽ ላይ አቆምነው፣ ሾፌሩም መጥፎ መጥፎው ቦታ ላይ በእርምጃ ነዳ። በቅሎ የጫኑ ገበያተኞች ቀድመውን አለፉ።

መጀመሪያ የጥንካሬውን ፈተና ሠራሁ። የቱቦውን የላይኛውን ጫፍ ትቼ ከመሐሉ ቆረጥኩ። ናሙናው ሸክሙን ያዘ፣ የመለኪያው መርፌ ወጣ ወጣ አለና ብዙ ሳያጥር ቀጥ ብሎ ተሸነፈ። ከሌላኛው ቱቦም እንዲሁ። ጥንካሬው ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ነበር፤ ሕንፃውን ለመሸከም ይበቃል። ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። መታገስ አልቻልኩም፣ ሲስተር ጋ ደወልኩ።

«ይሸከማል!» አልኳት።

እልል አለች። ማቆያው ቤት ውስጥ ሆና ነበር መሰለኝ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሌሎቹም ተቀበሏት። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ሳቅኩ።

የመታመቁ ፈተና ግን ገና በመሐል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ስጨምር የመለኪያው መርፌ ፈቀቅ አላለም፤ መሬት ውስጥ ሳለ ከላዩ የነበረውን ክብደት ስመልስለትም ያው። እንዲህ ያለ ናሙና በእጄ ገብቶ አያውቅም ብዬ ኮራሁ። ከዚያ በቀጣዩ ክብደት መርፌው ወረደ። በነጋታው ከዚያም ባሰ። መስመሩን ሳሰምረው ክርኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ከክርኑ በታች ያለው ደግሞ ገደል ነው። ክርኑ ያለው ደግሞ ሕንፃው መሬቱ ላይ ከሚያሳርፈው ክብደት በፊት ነበር።

ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። ከሌላኛው ቱቦ አዲስ ቁራጭ አውጥቼ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ቀናቱ አላልፍ አሉኝ፣ ውጤቱም ያው ሆነ። ሕንፃው የመጀመሪያው ሪፖርት ካለው እጅግ በላይ ይሰምጣል። የተረበሸው ናሙና ከመታመቁ ገሚሱን እኛ መቁጠር ሳንጀምር ስለጨረሰው፣ ቁልቁለቱም ስለተለሰለሰ፣ ስምጠቱን አሳንሶ ነበር ያሳየን። የለስላሳው አፈር ውፍረት ደግሞ በጨፌው በኩል ይበዛል፣ በዳገቱ በኩል ይሳሳል። ስለዚህ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ ይወርዳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያውም የቀዶ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ነው።

አማካሪው ፊት ስቀመጥ እንዴት እንደተከራከርኩት የሚያስታውሰኝ መስሎኝ ነበር። አላደረገውም። መስመሩን በጣቱ ተከትሎ እስከ ታች ወረደና መነጽሩን አወለቀ። «በመጀመሪያው ውጤት የጥንካሬውን ጉድለት ብቻ አሟልተን ሠርተነው ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ስምጠቱን ማንም ዞሮ አያየውም ነበር።» ጥልቅ ምሰሶ ይተከልበት አልኩ። ለዚያ የሚሆን ከባድ ማሽን በዚያ መንገድ እንደማይወጣ እኔም አውቅ ነበር። ጨፌው ዳር አንድ ቀላል የማቆያ ቤት ይሠራል ተባለ፤ የቀዶ ሕክምናው ሕንፃ ወደ ሌላዋ ከተማ ሄደ። ለዚያች ከተማ ሴቶች ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፣ አልሆነልኝም። ያለቀስኩት ቢሮው በር ላይ ነው፣ በንዴት።

ለሲስተር ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነግራት ፈልጌ በዚያው ቀን ደወልኩ። የምችለውን ያህል አስረዳኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ያኛው፣ መጀመሪያ የወሰዳችሁት ጭቃ፣ አይሰምጥም ብሎ ነበር አላልሽኝም?»

«ብዙ አይሰምጥም ብሎ ነበር።»

«እኛ እንዲያ አድርገን ባንጠብቀው ኖሮ፣ ይሄኛውም እንደዚያ ይል ነበር?»

ልዋሻት ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ እንደምዋሻት አላወቅኩም። «ሊል ይችል ነበር» አልኳት።

ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዷ ታቃስታለች።

«በይ ልዝጋው» አለችኝ። «የአንዷ የሽርት ውሃ ፈሷል። መኪና ልለምን ነው።»